ጫጉላ በሳይክል? ቁልቁለቱን አትመኑት!

የዛሬው ጉዳያችን ፍቅርም አለበት፣ ዳገትም አለበት። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ጽፋልኛለች። ጥር ውስጥ ልታገባ ነው። የጫጉላውን ሳምንት ላሊበላ ለማሳለፍ ከእጮኛዋ ጋር ተስማምተዋል፤ እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ የመጣው እጮኛ ሆዬ «በመኪናማ ማንም ይሄዳል፣ እኛ ከጋሸና ላሊበላ በሳይክል እንገባለን» ያለ ዕለት ነው። እሱ እሁድ እሁድ ሳይክል ይነዳል። እሷ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሳይክል ላይ የወጣችው ስምንተኛ ክፍል ሳለች ነው።

«ጋሸና ከላሊበላ ከፍ ስለሚል ቁልቁለት ነው፣ ፔዳል መምታት እንኳን አያስፈልግሽም ይለኛል» ትላለች። «እምቢ ብል ደስታውን የማበላሽበት ይመስለኛል፤ እሺ ብል ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቼ በሙሽርነቴ እንዳላለቅስ እፈራለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ያንቺ ፍርሃት ሒሳብ ያለው ፍርሃት ነው። እስቲ አብረን እናስላው።

ጋሸና ላይ ያለው ወጥመድ

ልጁ ግማሽ እውነት ይዟል። ጋሸና ከወልዲያ ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ከፍታዋ 3000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም ከተማ ናት። ላሊበላ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን ከፍታ ብቻ ያየ ሰው «500 ሜትር ቁልቁለት!» ብሎ ቢፈነድቅ አይፈረድበትም።

መንገዱ ግን ላሊበላን ፈልጎ ቀጥ ብሎ አይወርድም። መጀመሪያ ወደ ተከዜ ተፋሰስ ሸለቆ ይምዘገዘጋል። ሹምሸሃ፣ ማለትም ኤርፖርቱ ያለበት አካባቢ ሲደርስ ከፍታው ወደ 2000 ሜትር ወርዷል። ላሊበላ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ የመጨረሻው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ነው፤ ሲደመር 500 ሜትር ያህል ዳገት። ያውም ጉልበት ካለቀ በኋላ!

ሰዓቱን ደግሞ እዩት። ከጋሸና ጠዋት 2 ሰዓት ቢነሱ፣ ፎቶውም ዕረፍቱም ተጨምሮ ሹምሸሃ የሚደርሱት ለ6 ሰዓት ሲቃረብ ነው። በጉዞው ሁሉ ዝቅተኛውና ሞቃቱ ቦታ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ዳገቱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላቸዋል። እሁድ እሁድ የሚነዳ ጤነኛ ወጣት እንዲህ ያለውን ዳገት በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣዋል። ልምድ የሌለው ሰው ከ8 ኪሎ ሜትር ካለፈ ጎበዝ ነው። ለእሱ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ፣ ለእሷ ደግሞ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ያውም ሳይክሉን ሳትገፋ። ሙሽሮቹን የሚያጣላቸው 64 ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ይህ የአንድ ሰዓት ከሩብ ልዩነት ነው። እሱ እየቆመ «ነይ እንጂ!» ይላል፤ እሷ ስትደርስ እሱ ዐርፎ ጨርሷል፣ ወዲያው ይነሳል፣ እሷ ሳታርፍ ትቀጥላለች። በቃ፣ ጫጉላው አለቀ!

ከላሊበላ ተነስታችሁ ላሊበላ እደሩ

የእኔ ምክር ጉዞውን መተው ሳይሆን ቅርጹን መቀየር ነው። ከከተማ ወደ ከተማ በመሄድ ፈንታ ሻንጣችሁን ላሊበላ ሆቴል አስቀምጡና በየቀኑ ወጥታችሁ ተመለሱ። ይህ ለሰላሙም ይበጃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዶች ሲዘጉና ሲከፈቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ከመነሳታችሁ በፊት፣ ከዚያም በየማለዳው፣ የአገሩን ሰው ጠይቁ። «ዛሬ ከከተማ አትውጡ» ከተባላችሁ ክርክር የለም፣ የዚያን ቀን ሳይክል የለም። ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዝ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ እንዲህ ቢባል ማደሪያው የት ነው?

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከላሊበላ በኤርፖርቱ መንገድ ስትወጡ መሄጃው ቁልቁለት፣ መመለሻው ዳገት ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሲወርድ ንፋሱ ፊቱን እየዳሰሰው «ትንሽ እንጨምር» ይላል፤ የጨመራትን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር ግን በላብ ይከፍላታል። ስለዚህ የምትመለሱበትን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ወስኑ።

እኔ ለእነዚህ ሁለት ልጆች ያወጣሁት ዕቅድ ይኸውላችሁ። የደረሱ ቀንና በማግስቱ ሳይክል አይነካም፤ ከድንጋይ የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በእግር ይዩ። አዲስ አበባም 2400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የላሊበላ አየር ለእነሱ አዲስ አይሆንም። አብሯቸው ከድሬዳዋ ወይም ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ቢኖር ግን ትንፋሹ እስኪለምድ ሌላ አንድ ሁለት ቀን እጨምርለት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ናኩቶ ለአብ። ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በኤርፖርቱ መንገድ በኩል ከከተማው 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተው ቢወርዱ፣ ተሳልመውና ተዝናንተው ፀሐዩ ሳይበረታ ይመለሳሉ። መመለሻው እሷን አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። ይህ ቀን ለእሷ ፈተና ነው፦ ሳትሰቃይ ከተመለሰች ወደሚቀጥለው ታልፋለች፤ ጉልበቷ ከተንቀጠቀጠ ግን ለዚህ ሳምንት ይበቃታል።

አራተኛው ቀን ዕረፍት። በአምስተኛው ቀን እስከ ሹምሸሃ ድረስ፣ 23 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ ቁልቁል ይውረዱ። መልሱን ግን ከኤርፖርት በሚመለስ ሚኒባስ! ሳይክሎቹን ፖርቶመጋላ ላይ አስሮ መጫን ነው፤ ሹፌሩን ግን ከዋዜማው ያነጋግሩት፣ ዋጋውንም ይጨርሱ። እሱ ጉልበቱን መፈተሽ ከፈለገ እሷ በሚኒባስ ትሂድ፣ እሱ ይውጣው። ሆቴል በረንዳ ላይ ቡና አፍልታ፣ ወይም አስፈልታ፣ ትጠብቀዋለች። ማንም ማንንም «ነይ እንጂ» አይልም።

ይምርሃነ ክርስቶስስ? ማየትማ ማየት አለባቸው፤ ግን በመኪና። በመንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ደርሶ መልሱን በዚያ ተራራ መሃል በአንድ ቀን በሳይክል መሞከር ለሰለጠነ ሰው እንጂ ለሙሽራ አይደለም።

ቀኑንም ምረጡ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው፤ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ከሰዓት ወደ ገጠር መንገዱ በሰውና በአህያ ይሞላል። ቁልቁል እየበረሩ ከአህያ ጋር መተላለፍ አይቻልም። የገና ሰሞንም እንደዚሁ፣ መንገዱ የምዕመናን ነው። የጥር መጨረሻ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ጥሩ መርጠዋል፤ ለማታው ብርድ ብቻ ጃኬት ይያዙ።

የኪራይ ሳይክል እንዴት ይመረጣል?

በየከተማው በሰዓት የሚከራየው ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ያለው ነው። ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ሜዳ ይሆናል፤ ለላስታ ግን አይሆንም። ስለዚህ ማርሽ ያለውን አዲስ አበባ ላይ ተከራይታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በአውሮፕላን ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሳይክል ይጫን እንደሆነ፣ እንዴትም እንደሚታሸግ ጠይቁ፤ የአገር ውስጥ በረራ አውሮፕላኖች ትንንሽ ናቸው።

ማርሹ ለዳገት መሆኑን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሰንሰለቱን ከፊት ትንሹ ጥርስ ላይ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጉት። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሱና ፔዳሉን በእጃችሁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ጎማው አንድ ዙር ያህል ከዞረ ዳገት ይወጣል። አንድ ዙር ከሩብ ካለፈ ይከብዳችኋል። ሁለት ዙር ከዞረማ ለባለቤቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ መልሱለት።

ከዚያ ፍሬን። የፊቱን ፍሬን ያዙና ሳይክሉን ወደፊት ግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላውን ይዛችሁ ስትገፉት ደግሞ ጎማው ሳይሽከረከር መጎተት አለበት። የፍሬኑ እጀታ መሪውን እስኪነካ ከተጨመቀ ይጠበቅ፤ የፍሬኑ ጎማ ካለቀ ይቀየር። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ይዛችሁ አትውረዱ። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ፤ ሁለቱንም። የጎማ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም እጀታው እየላላ ከመጣ ቸርኬው ግሏል ማለት ነው፤ ቁሙና ይቀዝቅዝ፣ በእጃችሁ ግን አትንኩት። መንፊያ፣ ጎማ መለጠፊያና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። መንገድ ላይ ጎሚስታ የለም።

እሷስ ትችላለች?

ሠርጉ ሳይደርስ ሦስት እሁድ አላችሁ። አብራችሁ ውጡና እሷ በምትመርጠው ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ያህል ዳገት ንዱ። እየነዳች ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ከቻለች ፍጥነቱ ልኳ ነው። ቃል በቃል እየቆረጠች ከሆነ ወይ ማርሽ ይቀነስ ወይ ይታረፍ። በሦስተኛው እሁድ ሰዓቱን ሳትወርድ ከጨረሰች የናኩቶ ለአብን መንገድ አትፍሩት። ካልሆነም ችግር የለም፣ በሚኒባስ የሚመለሱበትን ቀን ብቻ ይያዙ። ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ የቀኑ ርቀት የሚለካው በደካማው ጉልበት ነው፤ ከፊት የሚሄደውም እሱ ነው።

ወንድሜ፣ አንተም ይህን እያነበብክ ከሆነ አንድ ወሬ ልንገርህ። ደርቭላ መርፊ የምትባል አየርላንዳዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአውሮፓ እስከ ሕንድ በሳይክል የሄደች ሴት ናት። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1966 እና በ1967፣ የእኛን ተራሮች አቋርጣ ላሊበላንም ስትጎበኝ ምን ይዛ መጣች መሰለህ? በቅሎ! ሕንድ ድረስ ፔዳል የመታች ሴት ለእነዚህ ተራሮች በቅሎ ከመረጠች፣ አንተ ለሙሽራህ ሚኒባስ ብትመርጥ ማንም ፈሪ አይልህም።

በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!