የስጋት መዝገብ፦ ከታች የቀረው መስመር

በየብሎኩ ያሉ ኮሚቴዎች ለረጂ ድርጅት የፕሮጀክት ማመልከቻ ሲጽፉ መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ይጠብቃቸዋል። ‹የስጋት መዝገብ› ይባላል። ብዙዎቻችን ይህን ገጽ ቶሎ ሞልተን ለመገላገል እንቸኩላለን። በዛሬው ዓምዳችን እንዴት እንደሚሞላና የት ላይ እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ እናያለን።

ምሳሌውን የወሰድነው ከጀሪፍ ነው። ካርቱም የኖረ ሰው ጀሪፍን ያውቀዋል፤ ዓባይ ዳር ያለው፣ የጡብ ምድጃው የሚጨስበት፣ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ሰፈር ነው። እንበልና በ2020 (እ.ኤ.አ.) ጥር ወር ወላጆች ተሰብስበው ከወንዙ አጠገብ አንድ የጭቃ ቤት ለአምስት ዓመት ተከራይተው ለልጆች የማስተማሪያ ክፍል ሊከፍቱ አሰቡ። ኮሚቴውና መዝገቡ የኛ ፈጠራ ናቸው፤ ሰፈሩና ወንዙ ግን እውነተኛ ናቸው።

ኮሚቴው ተቀመጠና ‹ምን ሊያደናቅፈን ይችላል?› ብሎ ጠየቀ። ለእያንዳንዱ ስጋት ሁለት ቁጥር ሰጠ። አንደኛው የመድረስ ዕድሉ ነው፤ ከ1 (እምብዛም አይደርስም) እስከ 5 (መድረሱ አይቀርም) ይሄዳል። ሁለተኛው የጉዳቱ መጠን ነው፤ ከ1 (ቀላል) እስከ 5 (ሥራው ይቆማል ወይም ሕይወት ይጠፋል) ይሄዳል። ሁለቱ ሲባዙ ነጥብ ይሆናሉ። ከዚያ መስመሮቹ በነጥባቸው ከላይ ወደ ታች ተደረደሩ። ነጥብ እኩል ሲሆን ጉዳቱ የከፋው ይቀድማል።

| ስጋት | ዕድል | ጉዳት | ነጥብ | መከላከያ | ኃላፊ |
|---|---|---|---|---|---|
| የቤት ኪራይ መጨመር | 5 | 3 | 15 | ዋጋው የተጻፈበት ውል መፈራረም | ገንዘብ ያዥ |
| መምህሩ በከሻ መያዝ | 3 | 4 | 12 | መታወቂያ ማሳደስ፤ ተተኪ መምህር ማዘጋጀት | የትምህርት ተጠሪ |
| የወላጆች መዋጮ መዘግየት | 4 | 3 | 12 | የሁለት ወር መጠባበቂያ መያዝ | ሒሳብ ሹም |
| የመጻሕፍት መጥፋት | 4 | 2 | 8 | በፊርማ ማዋስ | የመጻሕፍት ተረኛ |
| የወንዝ ጎርፍ | 1 | 5 | 5 | ሁኔታውን መከታተል | ኮሚቴው |

ሲያዩት ደንበኛ መዝገብ ነው። ከላይ ያሉት አራት መስመሮች በእርግጥም ደህና ናቸው፤ ምን እንደሚደረግና ማን እንደሚያደርገው ተጽፏል። ችግሩ ያለው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ጎርፍ ከመጽሐፍ መጥፋት በታች ወርዷል። ስብሰባ ሲረዝም፣ ሰው ሲደክመው፣ ‹የቀረው ለሚቀጥለው ይሁን› ሲባል ሳይነበብ የሚያልፈው ይኸው መስመር ነው።

ታዲያ 1 ከየት መጣ? አንድ ሰው ‹ትልቁ ጎርፍ እኮ በ1988 ነበር፣ ድሮ ነው› ብሎ ይሆናል። እንቁጠረው እስቲ። በነሐሴ 1988 ካርቱም ላይ በአንድ ቀን 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወርዶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። በነሐሴ 2013 ደግሞ ጎርፍ ካርቱምን፣ በተለይም የምሥራቅ ናይል አካባቢን ክፉኛ ጎዳ። እንግዲህ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብንይዝ እንኳ በ32 ክረምት ሁለት ጊዜ ነው፤ ለአንድ ክረምት ከ16 አንድ ማለት ነው። ኮሚቴው ግን የተከራየው ለአንድ ክረምት አይደለም፣ ለአምስት ነው። በአምስት ክረምት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል ሲሰላ ከአራት አንድ በላይ ይመጣል። ይህ እንዴት ‹እምብዛም አይደርስም› ይባላል? ቢያንስ 3 ይገባዋል። 3 ሲባዛ በ5፣ 15 ይሆናል። ከኪራዩ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ ጉዳቱ ስለሚከፋ መጀመሪያው መስመር ላይ ይወጣል።

በርግጥ ከተማዋን የመታ ጎርፍ ሁሉ ያንን ግቢ ይገባል ማለት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጻፍ በፊት ጎረቤት ይጠየቃል፤ በድሮው ግድግዳ ላይ ውሃ የደረሰበት ምልክት ካለ ይታያል። የዕድል ቁጥር ከስብሰባ ስሜት ሳይሆን እንዲህ ካለ ማስረጃ ነው መውጣት ያለበት።

ያ ክረምት ምን ይዞ መጣ? በ2020 ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ካርቱም ላይ የዓባይ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል አለፈ። መለካት ከተጀመረ ወዲህ በመቶ ዓመት ያህል ውስጥ እንዲያ ከፍ ብሎ አያውቅም። መንግሥትም በመላ አገሪቱ ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ‹ሁኔታውን መከታተል› ብሎ የጻፈ ኮሚቴ በዚያን ጊዜ ምን ይዞ ይቆም ነበር?

ወደ መከላከያው ዓምድ እንምጣ። መከታተል መከላከያ አይደለም። መከላከያ ማለት ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን የሚቀንስ ሥራ ነው። የኪራይ ውል ዕድሉን ይቀንሳል። የዓባይን መሙላት ግን የወላጅ ኮሚቴ አይቀንሰውም፤ መቀነስ የሚችለው ጉዳቱን ነው። ለምሳሌ ከሐምሌ እስከ መስከረም ትምህርቱን ከወንዙ ራቅ ወዳለ ግቢ ማዛወር፣ የልጆቹን ስምና ውጤት የያዘውን መዝገብ ገልብጦ ሌላ ሰፈር ማስቀመጥ፣ መጻሕፍቱን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ መስቀል። ይህ ከተሠራ ጉዳቱ ከ5 ወደ 2 ይወርዳል፤ ነጥቡም 6 ይሆናል። ቤቱ ሊፈርስ ይችላል፤ ልጅ ግን ውስጡ አይኖርም።

ቀን መቁረጥም ያሻል። ውሃው ከኛው ደጋ ነው የሚወርደው፤ ካርቱም ላይ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው። ስለዚህ ‹እስከ ሰኔ 30 ሌላው ግቢ ይገኛል› ተብሎ ይጻፋል። ሰኔ 30 አልፎ ግቢ ካልተገኘ፣ መከላከያው ወረቀት ላይ ብቻ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል፤ ነጥቡም ወደ 15 ይመለሳል።

የመጨረሻው ዓምድ ኃላፊ ነው። ‹ኮሚቴው› ከተባለ ሰባት ሰው አንዱ አንዱን ሲያይ ክረምቱ ይገባል። አንድ ሰው በስሙ ይጻፍ። ያ ሰው ብቻውን ይሠራዋል ማለት ሳይሆን፣ በየስብሰባው ተነስቶ ‹ይህ ተደርጓል፣ ይህ አልተደረገም› ብሎ የሚናገረው እሱ ነው ማለት ነው። ሰውየው ካምፑን ለቆ ከሄደ በዚያው ሳምንት ሌላ ስም ይተካ።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ብዙ ቤተሰብ ያለውን ጥሎ ወጣ። የዚያን ኮሚቴ መዝገብ ብናየው ጦርነት የሚል መስመር ላይኖረው ይችላል። መዝገብ ሁሉን አያውቅም። ነገር ግን ለጎርፍ ብሎ የልጆቹን ውጤት ገልብጦ ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ሰው፣ ላልጻፈው ስጋትም በከፊል ተዘጋጅቶ ነበር። ‹ቤቱን በአንድ ቀን ብናጣ› ለሚለው የተሠራ ሥራ፣ የሚያሳጣን ውሃም ይሁን እሳት፣ ያገለግላል።

እንግዲህ በየብሎኩ መዝገብ የያዛችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር አድርጉ። ሠንጠረዡን እንደተለመደው ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁ በኋላ፣ የጉዳት ቁጥሩ 5 የሆነውን መስመር ሁሉ፣ ነጥቡ ምንም ይሁን ምን፣ ለብቻው ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ከጎኑ የሰው ስምና ቀን ከሌለ ስብሰባው አይበተን።

ቸር ይግጠመን።