አንድ እርከን፣ ሁለት አድማጭ

ስለ አፈር ጥበቃ የሚደረግ ንግግር ለገበሬ ሲቀርብ ቀለል፣ ለባለሥልጣን ሲቀርብ ደግሞ ረቀቅ እንዲል ይደረጋል። በቦሌና በኢምፔሪያል አካባቢ ባሉ የሆቴል አዳራሾች ሲቀርብ በሰንጠረዥና በካርታ የተሞላው ንግግር ጎጃም ገጠር ሲደርስ ሁለት ሥዕልና አንድ ምክር ብቻ ይዞ ይቀራል። መሆን የነበረበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እርከኑን በገዛ ማሳው ላይ የሚሸከመው ገበሬው ስለሆነ ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ባለሥልጣኑ የሚወስነው ሦስት ነገር ነው፦ በጀቱን፣ የሥራውን ወቅት፣ ሥራው የሚለካበትን መስፈርት። ስለዚህ ንግግሩን ለሁለት አድማጭ ማዘጋጀት ማለት እያንዳንዱ አድማጭ ሊወስን በሚችለው ነገር ዙሪያ መልሶ ማደራጀት ነው።

የንግግሩ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ በስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ የተመራው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት እንደ አንዲት ጥድ፣ ማይባርና አንጀኒ ያሉ ጣቢያዎችን ከፍቶ ጎርፉንና የተሸረሸረውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። ሁርኒ ከዚህ ሥራ ተነስቶ በሰብል መሬት ላይ በዓመት ከሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ይህም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። ለባለሥልጣን ይህ ቁጥር እንዳለ ሊነገር ይችላል። ገበሬ ግን መሬቱን በሄክታርና በቶን አያስብም። አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ 105 ኩንታል ይሆናል፤ በየዓመቱ 105 ጆንያ አፈር ከአንድ ጥማድ ወረደ ማለት ነው። አባት ማሳውን ይዞ ለልጁ እስኪያወርስ 40 ዓመት ቢያልፍ ደግሞ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ከስንዝር ጥቂት ያነሰ አፈር ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 42 ቶን አማካይ ግምት እንጂ የእያንዳንዱ ማሳ ልክ አይደለም። ሜዳ ላይ የሚያርስ ሰው 105 ኩንታል ሲባል ቢሰማ ተናጋሪው መሬቱን እንደማያውቅ ወዲያው ይገባዋል። ከላይኛው ማሳ የታጠበው አፈር ከፊሉ ታች ማሳ ላይ እንደሚተኛም ገበሬው ያውቃል፤ የታችኛው ጎረቤት በዚያ አፈር ሲጠቀም ኖሯል። ቁጥሩ ገበሬው በዓይኑ ካየው ጋር ካልተያያዘ ባይነገር ይሻላል፤ በምትኩ በሰኔ ዝናብ ለጤፍ በለሰለሰ ማሳ ላይ የሚታየውን የጎርፍ ቦይና ገብስ አልበቅል ብሎት ጊብጦ የሚዘራበትን የደከመ መሬት ማሳየት ይበቃል።

ከዚያ የሚቀጥለው ዋጋው ነው፤ አብዛኞቹ ተናጋሪዎች የሚሸሹትም ይህን ነው። ተዳፋቱ 15 በመቶ የሆነ አንድ ሄክታር መሬት ይታሰብ። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት አንድ ሜትር ቢሆን እርከኖቹ በ6.7 ሜትር ርቀት ላይ ይውላሉ፤ በሄክታር 1,500 ሜትር እርከን ይሠራል ማለት ነው። ቦዩና ክምሩ አንድ ሜትር ስፋት ብቻ ቢይዙ እንኳ ከመሬቱ 15 በመቶው በእርከን ይያዛል። ከአንድ ጥማድ ላይ 375 ካሬ ሜትር ይሄዳል፣ ጎጆ ተሠርቶበት ጓሮ የሚተርፍ ማለት ነው። በሬዎች በጠባቡ መደብ ላይ ለመዞር ይቸገራሉ፣ አይጥም ክምሩ ውስጥ ይራባል። በምርምር ጣቢያዎቹ እርከን የአፈር መታጠብን እንደቀነሰ ታይቷል፤ ምርቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታት አልጨመረም። ይህን ሁሉ ገበሬው ያለ ተናጋሪም ያሰላዋል። ስለዚህ ንግግሩ ጉዳቱን ራሱ ካላነሳ የቀረውም አይታመንለትም። ካነሳው ግን ክምሩ ላይ የሚተከለው ሣርና ሰስባንያ ለከብት መኖ ሆኖ ከጠፋው መሬት ከፊሉን እንደሚመልስ ለመናገር ቦታ ያገኛል።

ገበሬ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃው ነው፦ ቦዩ ሲሞላ በማን ማሳ ላይ ይወጣል? ደምበጫ ወረዳ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ ውሃ የሚያቁር ደልዳላ እርከን ሰብሉን ያስተኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአካባቢው የተሠራው ፋንያ ጁ፣ ማለትም አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይኛው በኩል የሚጣልበት እርከን፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ማፋሰሻ የሚያወጣ ዝቅታ ያስፈልገዋል። አሠራሩ በቃል ሳይሆን በሜዳ ይታያል። 10 ሜትር ገመድ በሁለት እኩል እንጨቶች መካከል ተወጥሮ መሐሉ ላይ ውሃ ልክ ይንጠለጠላል፤ የፊተኛው እንጨት የቆመበት ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል እየተፈለገ መስመሩ በችካል ይያዛል። ገመዱ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ሲሻገር ጉዳዩ የጎረቤት ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛው ታዳሚ ቀበሌው በሙሉ ሳይሆን በአንድ ተዳፋት ላይ ከአናት እስከ ግርጌ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፣ ባልም ሚስትም። የውሃ መውረጃው በአባቶች ፊት ስምምነት ካልተደረሰበት ንግግሩ ምንም ያህል ቢያምር ክረምት ሲገባ ጠብ ያመጣል።

የእርከኑ ዋጋና የውሃው ጉዳይ ሳይነገር የቀረበት ዘመን አለ። በደርግ ጊዜ በስንዴና በዘይት ክፍያ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ። ገበሬው የሰማው ለበላይ የተዘጋጀውን ንግግር፣ ስለ አገር ጥፋትና ስለ ኮታ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ የገበሬ ማኅበራት ሥልጣን ሲላላ፣ ቀጥሎም መንግሥት ሲለወጥ፣ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ። ይህ ባለማወቅ የመጣ አልነበረም። መሬቱን የያዘበትና ውሃ የሚያቁርበት እርከን ያለ ግዳጅ የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም።

ለባለሥልጣናት የሚቀርበው ንግግር ከዚህ ታሪክ ቢጀምር ከማንኛውም ካርታ የበለጠ ይሠራል። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው የሚያመለክቱት ውሳኔ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር ፋንያ ጁ 200 የሰው ቀን ይመድባል። ከላይ ለታሰበው ሄክታር ይህ 300 የሰው ቀን ይሆናል፣ ጥገናው ሳይጨመር። ያንን ጉልበት በነጻ የሚሰጠው ገበሬ ምርቱ እስኪሻሻል ዓመታት ይጠብቃል፤ ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የመኖ ዘር፣ ችግኝና የባለሙያ ክትትል ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ይጠየቃል። ሌላው የሪፖርቱ መለኪያ ነው። ወረዳው የሚመሰገነው በተሠራ ኪሎ ሜትር ብቻ ከሆነ የልማት ሠራተኛው ማፋሰሻ ለመምረጥም፣ ልቅ ግጦሽን በመተዳደሪያ ደንብ ለማስቆምም ጊዜ አይኖረውም። ከሦስት ክረምት በኋላ የቆመው እርከን ቢቆጠር ግን የወረዳው ሥራ ራሱ ይለወጣል። ባለሥልጣን ፊት ፈታኙ ነገር የቶኑን ቁጥር በአገር ስፋት አባዝቶ ማስደንገጥ ነው፤ የደነገጠ ሹም የሚያዝዘው ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ነው።

ከሁለቱ ንግግሮች የገበሬው መቅደም አለበት። ማሳ ላይ የተነሳው ጥያቄ፣ የውሃው መውጫም ሆነ የበሬው መዞሪያ፣ ለበላይ የሚቀርበው ማስረጃ እሱ ነው። የቀን መቁጠሪያውም ከዚህ ጋር ይስማማል። ገበሬው መኸሩን አስገብቶ ለማዳመጥና እርከን ለመሥራት ፋታ የሚያገኘው በጥርና በየካቲት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ስለሆነ ባለሥልጣናቱ ጉዳዩን መስማት ያለባቸው ቢዘገይ በሚያዝያ ነው።