ለወርክሾፕ በምትልኩት ሊንክ ውስጥ ያለችው አንዲት ፊደል

ኦንሼፕ ላይ የምትሰሩ ልጆች፣ ዛሬ በአንዲት ፊደል ላስቸግራችሁ ነው። ዶክመንታችሁን ክፈቱና ብራውዘሩ ላይ ያለውን አድራሻ እዩት። ከነዚህ አንዱን ይመስላል፦

```
cad.onshape.com/documents/…/w/…/e/…
cad.onshape.com/documents/…/v/…/e/…
```

የመጀመሪያው ዎርክስፔስ ነው፣ አሁን እየተሰራበት ያለው ሞዴል። ሊንኩን ስትልኩ የነበረውን ሳይሆን ተቀባዩ ሲከፍተው ያለውን ነው የሚያሳየው። ሁለተኛው ቨርዥን ነው። ስም ተሰጥቶት ተቆልፏል፣ የሰራው ሰው ራሱ ሊቀይረው አይችልም። ብረት ሊቆርጥ ለተዘጋጀ ሰው ከ `/v/` ሌላ ሊንክ መላክ የለበትም ባይ ነኝ።

«ሂስትሪው እኮ ሁሉንም ይመዘግባል፣ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚሉኝ አሉ። መመዝገቡንማ ይመዘግባል፤ ማን ምን እንደነካ ከነሰዓቱ ታገኙታላችሁ። ግን እሱ የሚጠቅመው ዲዛይን ለሚሰራው ሰው ነው። ድሪል ይዞ የቆመው ሰው ሂስትሪ አይከፍትም።

ሦስት የቀድሞ ተማሪዎቼ ለእህል ወፍጮ የሞተር መቀመጫ ሲሰሩ የሆነውን ልንገራችሁ። ሞተሩ 90ኤል ነበር። የዚህ ሞተር የእግር ቀዳዳዎች ርቀት በስታንዳርዱ 140 በ125 ሚሊ ነው። አንደኛው ማታ ላይ ሞዴሉን ጨርሶ ሊንኩን ለወርክሾፑ ላከ፣ `/w/` ያለውን። ሌላኛው ደግሞ ከፍ ያለ ሞተር ቢመጣስ ብሎ እዚያው ዎርክስፔስ ላይ ለ100ኤል ሞከረ፤ 160 በ140፣ ቀዳዳውንም ከ10 ወደ 12 ሚሊ አሰፋው። ጠዋት ባለሙያው በስልኩ ከፈተ፣ ለካ፣ 8 ሚሊውን ላሜራ በሳ። ያየውን ነው የሰራው፣ ምንም አላጠፋም።

ሞተሩ ሲመጣ አልገጠመም። «አጠገቡ ሌላ ቀዳዳ እንብሳ» ተባለ። ግን አስሉት፤ በአንድ በኩል 10፣ በሌላ በኩል 7.5 ሚሊ ይዛነፋል፣ ስለዚህ የድሮውና የአዲሱ ቀዳዳ መሃል ለመሃል ርቀት 12.5 ሚሊ ነው። የሁለቱን ራዲየስ፣ 6 እና 5፣ ስትቀንሱ በመካከላቸው የሚቀረው ብረት 1.5 ሚሊ ብቻ! የሚንቀጠቀጥ ሞተር በዚህ አይታሰርም። ላሜራው ተጣለ። ሂስትሪው ማን እንደቀየረው አሳየ፣ ብረቱን ግን አልመለሰም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ፐርሚሽኑን ማጥበቅ ነበር» ይላል። አልስማማም። ባለሙያው የነበረው `Can view` ብቻ ነው፣ ትክክል ነው። የሞከረው ልጅም `Can edit` ሊኖረው የግድ ነው፣ የቡድኑ አባል ነዋ! `Can view` ተመልካቹ እንዳይቀይር ይከለክላል እንጂ ሞዴሉ እሱ እያየው እንዳይቀየር አይከለክልም።

መደረግ የነበረው ቀላል ነው። ሞዴሉ ሲያልቅ `Create version` ብሎ «ሞተር 90ኤል፣ ለመብሳት» የሚል ስም መስጠት። «ፋይናል» አትበሉ፣ ፋይናል ምን እንደሆነ በቴሌግራም ዘመን አይተነዋል። ከዚያ የቨርዥኖቹን ዝርዝር ከፍቶ ያንን ቨርዥን መጫን፤ አድራሻው ወደ `/v/` ይቀየራል፣ የሚላከው እሱ ነው። መሞከር የፈለገው ልጅ ደግሞ ከዚያው ቨርዥን ብራንች አውጥቶ እንደልቡ ይሞክር፤ ዋናው አይነካም፣ ሙከራው ከተወደደ በኋላ መርጅ ይደረጋል። ሪስቶር አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ግን ሁለት ሰው በአንድ ዎርክስፔስ እየሰራ አንዱ ወደኋላ ሲመልሰው የሌላውም ስራ አብሮ ከፊቱ ይነሳል። ከሂስትሪው ባይጠፋም ፈልጎ ማምጣቱ ሌላ ጣጣ ነው።

የ`/v/` ሊንክም ገደብ አለው። ፐርሚሽን የሚሰጠው ለሙሉ ዶክመንቱ ስለሆነ ተቀባዩ ከቨርዥኑ ወጥቶ ዎርክስፔሱን ማየት ይችላል። ስለዚህ የቨርዥኑን ስም በስልክም ንገሩት፣ ከመብሳቱ በፊት ስክሪኑ ላይ ያንን ስም ያንብብላችሁ። ኔትወርክ የማያስተማምንበት ወርክሾፕ ከሆነ ከዚያው ቨርዥን ድሮዊንጉን በፒዲኤፍ አውጡና የቨርዥኑን ስም ርዕስ ሳጥኑ ውስጥ ጻፉበት። ወረቀቱ ዘይት ቢነካውም ቁጥሩ ማታ ማታ አይቀየርም።

በነፃው ፕላን የምትሰሩ ደግሞ፣ ዶክመንታችሁ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንም ፈልጎ ሊያየውና ኮፒ ሊያደርገው ይችላል፣ ሊንክ ባትልኩለትም። የደንበኛ ዲዛይን እዚያ ላይ አታስቀምጡ።

ከ`/w/` ሌላ የማትልኩና ችግር ገጥሟችሁ የማያውቅ ካላችሁ ኮመንት ላይ እንከራከር።