ከካርኒ ጥራዝ ወደ ተከታታይ ቁጥር

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሱቆች ተዘግተው ነበር። ክርክሩ በግምቱ ከፍተኛነት ላይ ቢያተኩርም ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ነበረ፤ ባለሱቁ «ይህን ያህል አልሸጥኩም» ሲል የሚያቀርበው ማስረጃ ምን ነበር? ሕጉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አያስገድደውም ነበር፤ በእጁ የሚገኘው ቢበዛ የካርኒ ጥራዝ ነው።

የጥራዙ ድክመት በእጅ መጻፉ አይደለም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገዛ ጥራዝ ሁሉ ከ1 የሚጀምር ከሆነ ቁጥር 23 በየጥራዙ ይገኛል፤ አንዱ ጥራዝ ቢጠፋ የሚያሳብቅ ነገር የለም። ከ0001 ተነሥቶ ሳይደገም የሚቀጥል ቁጥር ግን ክፍተቱን ራሱ ያሳያል። የተበላሸው ደረሰኝም «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቅጂው ይቀመጣል እንጂ አይቀደድም። ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። (በግብር ዘንድ ሕጋዊ የሚሆነው ግን በግብር ሰብሳቢው ፈቃድ የታተመ ደረሰኝ ነው።)

ቁጥሩ ብቻውን ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ በየማታው ከሚቆጠረው ገንዘብ ጋር መገናኘት አለበት። አንድ የሰፈር ሱቅ በምሳሌነት ይወሰድ። ጠዋት በመሳቢያው 1,500 ብር አለ። በቀኑ ደረሰኞች የተመዘገበው የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ 8,400፣ ከዱቤ የተሰበሰበው 600 ብር ነው። የክብሪትና የጨው ዓይነቱ ጥቃቅን ሽያጭ በጭረት ተቆጥሮ ማታ በአንድ ደረሰኝ ተጠቃልሏል። ለዳቦና ለለስላሳ አከፋፋዮች 2,900 ተከፍሏል፤ 5,000 ባንክ ገብቷል። መሳቢያው ውስጥ 2,600 ብር መኖር ሲገባው የተቆጠረው 2,250 ነው። የጎደለው 350 ብር፣ ደረሰኞቹ አንድ በአንድ ሲታዩ፣ በ0147 ላይ ይገኛል፤ ገዢው በቴሌብር የከፈለው በጥሬ ገንዘብ ተመዝግቦ ነበር። ያው ጉድለት ከወር በኋላ ቢታወቅ ኖሮ ጥርጣሬው ያለ ጥፋቱ በተቀጣሪው ልጅ ላይ ባረፈ ነበር።

ስልቱ የማይዘው ነገርም አለ። ያለ ደረሰኝ ተሸጦ ወደ ኪስ የገባ ገንዘብ የማታውን ቆጠራ አያዛባም። ይህ የሚታወቀው ከግዢ በኩል ነው፤ 50 ኪሎ የስኳር ጆንያ አልቆ ደረሰኞቹ 40 ኪሎ ብቻ ካሳዩ፣ ቀሪው የት እንደገባ መጠየቅ ይገባል።

ከውጭ አገር ለዘመድ የሱቅ መነሻ ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «ትርፉ ስንት ነው?» ብለው ነው። የሚሻለው የአንድ ወር የማታ ቆጠራ ገጾችን ፎቶ መጠየቅ፣ ከሁሉ አስቀድሞም «ለቤት የወጣ» የሚለውን ዓምድ ማየት ነው። ቤተሰቡ ከዚያው ሱቅ እየኖረ ዓምዱ ሠላሳውንም ቀን ባዶ ከሆነ፣ መዝገቡ የተጻፈው ለላኪው ዓይን ነው።