አልተመረጥክም ላለህ ቤት መልስ መጻፍ ደጅ መጥናት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እዚሁ ይፋግ ቤቴ ድረስ መጥታ ስልኳን ሰጠችኝ። «ቲቸር፣ እስቲ ይህን ያንብቡት» አለች። ለአንድ ድርጅት የፕሮጀክት ሒሳብ ሠራተኛ ለመሆን አመልክታ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ፣ ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላት ነበር። የመጣላት ኢሜይል አጭር ነው። ስላመለከትሽ እናመሰግናለን፣ ለዚህ ቦታ ሌላ አመልካች መርጠናል፣ ወደፊት ለሚከፈቱ ቦታዎች መረጃሽን እንይዘዋለን ይላል።

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልመልስ ቲቸር? አልፈልግሽም ያለኝን ቤት ደግሞ ደጅ ልጥና?»

ይህን የምጽፈው መልሱ የእሷ ብቻ ስላልሆነ ነው። ያስተማርኳቸው ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚሉኝ። ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህንኑ ሳነሣ ደግሞ ለረጅም ዓመት የማውቀው ወዳጄ «የገፋህን በር መልሶ ማንኳኳት ውርደት ነው፤ ልጆቹን ልመና አታስተምራቸው» አለኝ። ወዳጄ ሆይ፣ አከብርሃለሁ፤ በዚህ ግን ተሳስተሃል። ስሕተትህም ልጆቻችንን ሥራ እያሳጣቸው ነው።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። ደጅ የሚጠና ሰው የባለሥልጣኑ በር ላይ ወር ከመንፈቅ ይከርማል። የሚያቀርበው ነገር ቢኖር ፊቱን ብቻ ነው፤ አይቶኝ ይራራልኝ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ይህ በእርግጥ ያዋርዳል። ገበያችን ላይ በሬ ይዞ የወጣ ገበሬ ግን ሌላ ነው። ገዢው በሬውን ገልምጦ፣ ጥርሱን አይቶ፣ በመጨረሻ የሌላ ሰው በሬ ቢገዛ ገበሬው አይሰድበውም፣ አይለምነውምም። «እገሌ ቀበሌ ነኝ፤ ያኛው ካልሆነህ በሬው አለ» ይለዋል። ማን ነው ይህን ልመና የሚለው? ለገዢው የሚጠቅመውን መረጃ ሰጥቶት ሄደ እንጂ።

ለምን እንደሚጠቅም ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ሠራተኛ ሲቀጥር የማኅበረሰብ ተወካይ ሆኜ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሦስት ሰዎች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። አንደኛ የወጣው ተቀጠረ፤ ለሁለቱ «ሌላ ሰው መርጠናል» የሚል ኢሜይል ተላከ። አንደኛው ግን አምስት ሳምንት ሠርቶ ባሕር ዳር የተሻለ ደመወዝ አገኘና ሄደ። ፕሮጀክቱ ጊዜው ተቆጥሮ የተሰጠው ነው፤ እንደገና ማስታወቂያ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ መፈተን ሁለት ወር ይበላል። ስለዚህ የነጥብ መዝገቡ ወጣና ሁለተኛ ለወጣው ልጅ ተደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። በማግሥቱም ተደወለ፤ ዝግ ነው። ኢሜይል ተላከለት፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን የሰው ኃይል ባለሙያዋ ሦስተኛ ከወጣችው ልጅ የመጣ አንድ ኢሜይል ከፈተች። ልጅቱ ያኔ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ ብላ፣ ቦታው እንደገና ከተከፈተ እንደምትፈልገው ገልጻ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፋ ነበር፤ የራሷንና የእናቷን። የተገኘችው በእናቷ ስልክ ነው።

ያ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ሲም ካርዱን ቀይሮ ነበር። በነጥብ ይበልጣት ነበር። እስከ ዛሬ ሁለት ቀን ሙሉ እንደተፈለገ የሚያውቅ አይመስለኝም። ወዳጄ፣ ክብሩን ጠበቀ የምትለው ይህን ልጅ ነው?

ይህ የአንድ ቀን አጋጣሚ አይደለም፤ በሕጉም መሠረት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚያ ጊዜ ሠራተኛው ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ መሄድ ይችላል፤ አሠሪውም ለሥራው አልተስማማኝም ካለ ሳያስጠነቅቅ ሊያሰናብተው ይችላል። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ቤት 60 የሥራ ቀን ማለት 12 ሳምንት ነው። በዚህ ላይ የተመረጠው ሰው በደመወዝ ሳይስማማ የሚቀርበትን፣ ማስረጃው ሲጣራ የሚወድቅበትን ጨምሩበት። ስለዚህ «ሌላ መርጠናል» የሚለው ኢሜይል ከደረሰ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ገደማ ቦታው ገና ያልጸና ነው። ስልክ ሳይዘጉ፣ ኢሜይል እያዩ መቆየት ያለባችሁ በተለይ በዚህ ጊዜ ነው።

ታዲያ ምን ይጻፋል? ኢሜይሉ በደረሰ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ «ሪፕላይ» ብላችሁ ጻፉ። አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ፤ የሥራው ስምና የማስታወቂያው ቁጥር አብሮ የሚሄደው ሪፕላይ ስትሉ ነው። እነሱ በጻፉላችሁ ቋንቋ መልሱ። ከተማሪዬ ጋር ተቀምጠን የጻፍነው ይህን ይመስላል፦

«ውጤቱን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። በቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ወረዳ ቅርንጫፎች የሒሳብ አሰባሰብ ያነሣችሁት ሥራ አሁንም ይስበኛል። ይህ ቦታ እንደገና ከተከፈተ ወይም በደቡብ ጎንደር ተመሳሳይ የሒሳብ ሥራ ከመጣ እንድታስቡኝ እጠይቃለሁ፤ ወረታም ሆነ ደብረ ታቦር ለመሥራት እችላለሁ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም መጀመር እችላለሁ። ማመልከቻዬንና የሥራ ልምድ መግለጫዬን ለዚሁ ዓላማ ይዛችሁ እንድትቆዩ ፈቅጃለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስም፣ ሁለት ስልክ ቁጥር።

አለቀ። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሥራ አለው። የቃለ መጠይቁ ነገር የተጠቀሰው አንባቢዋ ፊቷን እንድታስታውስ ነው። ምን ዓይነት ሥራ፣ የት፣ መቼ የሚለው ባይኖር «እንድታስቡኝ» የሚለው ባዶ ምኞት ይሆን ነበር፤ ደጅ መጥናት ማለት ያኔ ነው። «ፈቅጃለሁ» የሚለውም ለጨዋነት የገባ አይደለም። አሁን እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አውሮፓውያን ለጋሾች ያሏቸው ድርጅቶችማ የአመልካችን ወረቀት ያለፈቃድ ብዙ ጊዜ አያቆዩም፣ ያጠፉታል። እናንተ በጽሑፍ ፈቅዳችሁ ከሆነ ለማቆየት ምክንያት ይኖራቸዋል።

የማይጻፈውን ደግሞ ልናገር። «ለምን ጣላችሁኝ?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አይሄድም። ባለሙያዋ ለጥያቄው መልስ መስጠት ስለማትፈልግ ሙሉ ኢሜይሉን ሳትመልስ ታልፈዋለች። የቤት ችግርም አይጻፍ። የምናውቃቸውን ትልልቅ ሰዎች ስም መጥራትማ ጭራሽ አይሆንም።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ብዙ የምታበላሽ ነገር አለች፤ የስማችን አጻጻፍ። ፀሐይ የምትባል ልጅ ማመልከቻዋ ላይ `Tsehay`፣ ኢሜይሏ ላይ `Tsehai`፣ ዲግሪዋ ላይ `Tsehaye` ከሆነች ከሦስት ወር በኋላ በስም ሲፈልጓት አትገኝም። አንዱን ምረጡና ሁሉም ቦታ እሱን ጻፉ፤ የሚሻለው ዲግሪው ላይ ያለው ነው።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን ልዙር። በገንዘብ የደብዳቤ ናሙና የሚሸጡ «አሠልጣኞች» መልስ የጻፈ ሁሉ የሚቀጠር አስመስለው ያወራሉ። ውሸት ነው። ኢሜይሉ የመጣው `noreply` ከሚል አድራሻ ከሆነ መልሳችሁን የሚያነብ ሰው የለም። እዚያ የሚሠራው የተመዘገባችሁበት ድረ ገጽ ገብቶ መረጃን ማደስ ነው፤ ምክንያቱም አመልካች የሚፈለገው በሥራ መደብና በልምድ ቃላት ነው፣ በኢሜይል ምስጋና አይደለም። ቃለ መጠይቅ ሳትደርሱ በወረቀት ማጣሪያ ከወደቃችሁም መልሱ የሚያመጣው ነገር ኢምንት ነው። የሚያውቃችሁ ሰው የለማ! መልስ ዋጋ የሚኖረው ፊታችሁን ያየ፣ ነጥባችሁን የጻፈ ሰው ሲኖር ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሌላ ነው። እዚያ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ «ተጠባባቂ» ተብላችሁ በተራ ቁጥር ከሰፈራችሁ ቦታችሁን የሚጠብቀው ያ ዝርዝር ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሡ፣ ስልካችሁን ከቀየራችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት «ሮስተር» የሚለውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ፈተናውን አልፈው ያልተመረጡ የሚገቡበት ነው እንጂ ደብዳቤ በመጻፍ አይገባበትም።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። «መረጃህን እንይዘዋለን» የምትሉት የማትይዙት ከሆነ አትጻፉት። አርሶ አደር አባቱ የትራንስፖርት ሰጥቶት፣ ሌሊት ተነሥቶ ለቃለ መጠይቅ የመጣ ልጅ ያቺን መስመር አምኖ ወራት ይጠብቃል። ደጅ የምታስጠኑት እናንተ ናችሁ! የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጻፉለት።

ተማሪዬ መልሷን ከመላኳ በፊት ሁለተኛ ስልክ የማን እንደምትጽፍ ተቸገረች። አባቷ ስልክ የላቸውም። በመጨረሻ የእኔን ጻፈች። ይኸው እስካሁን አልደወሉም፤ ላይደውሉም ይችላሉ። እኔ ግን ሌሊት ስልኬን መዝጋት ትቻለሁ።

ወዳጄ፣ ቢደወልልኝ «ልጅቱ አለች» ነው የምላቸው። እባካችሁ ቅጠሯት አልላቸውም። ልዩነቱ ይህ ነው።