ስጋትን በነጥብ መደርደር ስጋትን መደበቅ ነው

ቤክስሊ፣ ኦሃዮ — በየፕሮጀክቱ የበላይ ኮሚቴ ፊት በየወሩ የሚቀርብ አንድ ሰንጠረዥ አለ። በየረድፉ አንድ ስጋት ይጻፋል፤ ከአጠገቡ የመከሰት ዕድሉ ከ1 እስከ 5፣ ቢከሰት የሚያደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 5፣ የሁለቱ ብዜት የሆነው ነጥብ፣ የማቃለያው እርምጃ፣ በመጨረሻም የስጋቱ ባለቤት ይሰፍራል። ከዚያ ሰንጠረዡ በነጥብ ይደረደራል፤ ስብሰባው በላይኞቹ አምስት ረድፎች ላይ ተወያይቶ ይበተናል። ሥርዓቱ ጥንቃቄ ይመስላል። በተግባር ግን ፕሮጀክትን የሚገድለውን ስጋት ማንም ወደማያነበው የገጹ ግርጌ ያወርዳል።

ስህተቱ የሚጀምረው “የመከሰት ዕድል” ከሚለው ዓምድ ነው። ለቤክስሊ ነዋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ አላም ክሪክ የተባለውን ወንዝ ይዞ ይሄዳል፤ በአሜሪካ የጎርፍ ካርታ ደግሞ ከፍተኛ ስጋት ያለበት ተብሎ የሚከለለው በየዓመቱ የመጥለቅለቅ ዕድሉ ቢያንስ 1 በመቶ የሆነ መሬት ነው። 1 በመቶ ከአምስት 1 የሚሰጠው፣ ሰሚውንም የማያስደነግጥ ቁጥር ነው። ይሁንና የቤት ብድር የሚከፈለው በ30 ዓመት ነው። በ30 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል ሲሰላ 26 በመቶ ይሆናል፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። እንግዲህ በስንት ዓመት ወይም በስንት ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደሆነ ያልተነገረለት “1” ወይም “2” ግምት እንኳ ሊባል አይችልም።

ይኸው ስሌት ከወንዝ ዳር ቤት ወደ ተራራ ሥር ዋሻ ሲዛወር ምን እንደሚያስከትል የግልገል ጊቤ 2 የኃይል ማመንጫ ታሪክ ያሳያል። ጣቢያው ከግልገል ጊቤ 1 ተርባይኖች የሚወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ዋሻ በተራራ ውስጥ አሳልፎ 420 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የታቀደ ነበር። ከዋሻው በቀር ውሃው የሚያልፍበት መንገድ የለም። ቁፋሮው ከሁለቱም ጫፍ በመሰርሰሪያ ማሽኖች ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 አንደኛው ማሽን የተሰባበረ የድንጋይ ቀጠና ገጠመው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጭቃ ማሽኑን ወደ ኋላ ገፍቶ አበላሸው። በ2007 መጨረሻ ያልቃል የተባለው ፕሮጀክት የተመረቀው በጃንዋሪ 2010 ነበር። ከምርቃቱ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ፤ ጣቢያውም ለወራት ሥራ አቆመ።

ይህን ስጋት የተለመደው ሰንጠረዥ እንዴት ይመዝነው እንደነበር ለማየት ለምሳሌ ያህል ሁለት ረድፎችን መሙላት ይበቃል። የመጀመሪያው የዕቃ በወደብ መዘግየት ነው፤ ዕድሉ 4፣ ጉዳቱ 3፣ ነጥቡ 12። ሁለተኛው ማሽኑ በተሰባበረ ድንጋይ መያዙ ነው፤ ዕድሉ 2፣ ጉዳቱ 5፣ ነጥቡ 10። ኮሚቴው የሚያየው ከ12 ጀምሮ ያለውን ብቻ ቢሆን ወደቡ ስብሰባ ይገባል፤ ዋሻው ውጭ ይቀራል። አሁን ቁጥሮቹ ወደሚወክሉት ነገር ይመለሱ። “4” 60 በመቶ ዕድል፣ “3” የሁለት ወር መዘግየት ነው ቢባል ወደቡ በአማካይ 1.2 ወር ያስከፍላል። “2” 20 በመቶ፣ “5” የ24 ወር መዘግየት ቢሆን ዋሻው በአማካይ 4.8 ወር ያስከፍላል። ነጥቡ ያነሰው ስጋት በእውነቱ አራት እጥፍ ይከብዳል። 20 በመቶውም ቢሆን የተጋነነ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር እንዲህ ያለ ቀጠና የማግኘት ዕድሉ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ26 ኪሎ ሜትር ውስጥ 23 በመቶ ይደርሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች የደረጃ ስሞች እንጂ መጠኖች አይደሉም። ጉዳት 5 ከጉዳት 3 በሁለት ሦስተኛ ብቻ የሚበልጥ ሳይሆን አሥር እጥፉ ሊሆን ይችላል፤ ማባዛቱ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። ቶኒ ኮክስ የተባለው የስጋት ትንተና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ እምብዛም የማይከሰቱት ስጋቶች ይበልጥ አውዳሚ በሚሆኑበት ሁኔታ እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ከዕጣ የባሰ ውሳኔ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። የትልልቅ ግንባታዎች ሁኔታ ደግሞ በአመዛኙ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ማታለያ ያለው “ማቃለያ” በሚለው ዓምድ ነው። ብዙ መዝገቦች ማቃለያው እንደተጻፈ ነጥቡን ዝቅ ያደርጋሉ። “ተጨማሪ የጂኦሎጂ ጥናት ይደረጋል” የሚል ዓረፍተ ነገር 10 የነበረውን 5 ያደርገዋል፤ መሬቱ ግን ዓረፍተ ነገሩን አላነበበም። ለዋሻ እውነተኛው ማቃለያ ከማሽኑ ፊት እየቀደመ የሚቆፈር የመመርመሪያ ጉድጓድ ነው። በሥራ ላይ መዋሉም የሚታወቀው ማሽኑ ከተጓዘው ሜትር ውስጥ ምን ያህሉ አስቀድሞ እንደተመረመረ በመቁጠር ነው። የሚቆጠር ነገር የሌለው ማቃለያ ነጥብ ሊቀንስ አይገባም።

ሦስተኛው “ባለቤት” የሚለው ዓምድ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የኤሌክትሮሜካኒካል ሥራ ልምዱ ላልነበረው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጥቶ ነበር፤ ከዓመታት መጓተት በኋላ መንግሥት ሥራውን የነጠቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የተርባይኑ መዘግየት ስጋት ባለቤት የሚሆነው ሥራውን የያዘው ተቋም ነው ከተባለ፣ የስጋቱ ምንጭ ራሱ የስጋቱ ጠባቂ ሆኗል ማለት ነው። ባለቤት መባል ያለበት ሥራን የማስቆምና ገንዘብ የማዘዋወር ሥልጣን ያለው ሰው ነው። እነዚህ ሁለቱ የሌሉት ሰው የተመዘገበው ለወቀሳ ብቻ ነው።

የሰንጠረዡ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አላቸው፤ መቶ ስጋት ለኮሚቴ ማቅረብ አይቻልም፣ ቅደም ተከተል የግድ ነው ይላሉ። ቅደም ተከተል የግድ መሆኑ እውነት ነው። በብዜት መሆኑ ግን የግድ አይደለም። ጉዳታቸው 5 የሆኑት ረድፎች በአብዛኛው ከአሥር አይበልጡም። እነርሱ ዕድላቸው ምንም ቢሆን በተለየ ገጽ ይቀመጡ፤ በየስብሰባውም መጀመሪያ ይነበቡ። የእያንዳንዳቸው ዕድል በፕሮጀክቱ ሙሉ ዕድሜ ወይም ርዝመት ተሰልቶ በመቶኛ ይጻፍ፤ ጉዳቱም በወርና በገንዘብ። ከአጠገባቸው ደግሞ ስጋቱ መድረሱን ቀድሞ የሚያሳየው ምልክት፣ ምልክቱ ሲታይም ማን ምን እንደሚያዝ ይስፈር። የቀሩት ዘጠና ረድፎች የሥራ አስኪያጁ የዕለት ተግባር ናቸው፤ የኮሚቴ ጊዜ አይገባቸውም።

ከኮሎምበስም ሆነ ከዋሽንግተን ሆነው ለአገር ቤት ፕሮጀክቶች ሰነድ የሚያዘጋጁና ገንዘብ የሚያጸድቁ ባለሙያዎች ይህን የመጠየቅ አቅም አላቸው፤ ሰንጠረዡን የሚፈልጉትም በአብዛኛው አበዳሪዎቹና ለጋሾቹ ናቸውና። መዝገቡ በነጥብ ተደርድሮ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ማድረግ ያለባቸው በጉዳት ዓምድ እንደገና መደርደር ነው። ያን ጊዜ ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣው ረድፍ፣ ሊወያዩበት ሲገባ ያለፉት ረድፍ ነው።