ትንሽ ክለብ የሚሞተው በደሞዝ ነው

ፉትቦል ማናጀር ላይ ትንሽ ክለብ ይዛችሁ «ለዝውውር ገንዘብ የለኝም» እያላችሁ የምታለቅሱ ሰዎች፣ ችግራችሁ ዝውውር አይደለም። ደሞዝ ነው።

እኔም ተቃጥዬበታለሁ። እንግሊዝ አምስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ለራሴ ያስቀመጥኩት ጣሪያ በሳምንት 700 ፓውንድ ነበር። አንድ የ33 ዓመት አጥቂ በነፃ ስለመጣ ብቻ 1,400 ሰጠሁት። ጎል አገባ፣ አልዋሽም። ግን ውል ላድስላቸው የጠራኋቸው ሁሉ የእሱን ደሞዝ እያዩ መጠየቅ ጀመሩ። በዓመቱ በጀቱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቦርዱም እኔን ሳያማክር የ19 ዓመቱን የክንፍ ተጫዋቼን ሸጠብኝ።

«ወጣት አሳድግ» የሚባለውም ምክር ግማሹ ብቻ ነው የሚነገረው። የአካዳሚው አዲስ ምልምል በዓመት አንዴ ይመጣል፤ አብዛኛው የትም አይደርስም። ለሁሉም ውል የሚሰጥ ሰው ደሞዝ እየበተነ ነው። ሁለት ሦስቱን ያዙ፣ ሌላውን አሰናብቱ። የያዛችኋቸውን 18 ሲሞላቸው አሰልፏቸው፤ ቦታ ከሌለ በውሰት ላኳቸው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማንም አያድግም። ውል ስትፈርሙ ደግሞ መነሻ ደሞዙን ዝቅ አድርጋችሁ በተሰለፈ ቁጥር የሚከፈል ጉርሻ ጨምሩለት። የዓመታዊ ጭማሪውን አንቀጽ ግን ወኪሉ ቢያኮርፍም ሰርዙት።